«ኩሽኔታውን ላክልኝ» ሲባል የቱን?

አዳማ ኩሽኔታና ቺንጋ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ የሚሠራ ሰው ስልኩ ላይ ከሚገቡት መልእክቶች ረጅሞቹ ብዙም አያስቸግሩትም። የሚያስቸግረው እንዲህ ያለው አጭር ነው፦

«እንደምን ዋልክ ወንድሜ። ኩሽኔታውን ዛሬ ላክልኝ፤ አርባውን። ለመሐመድ ስጠው።»

ላኪው ወለንጪቲ ላይ ወፍጮ ቤት ያላቸው ሰው ናቸው እንበል። ለሳቸው መልእክቱ ምንም አልጎደለውም። የሚፈልጉት አንድ ኩሽኔታ ነው፣ የሚያስቡትም አንድ መሐመድ ነው። ችግሩ ያለው ወደ ላይ ሲነበብ ነው። በሦስት ቀን ንግግር ውስጥ ሦስት ኩሽኔታና ሁለት መሐመድ ተነስተዋል። ይህ ጽሑፍ በዚህ አንድ መልእክት ላይ ነው የሚቆየው፤ መቼ መጠየቅ እንደሚያስፈልግ፣ ጥያቄው እንዴት እንደሚጻፍ፣ የመጣው መልስ መልስ መሆኑ እንዴት እንደሚታወቅ።

መጀመሪያ ሦስቱን ኩሽኔታዎች እንያቸው፤ ይህን ጉዳይ መርጬ የማነሳውም በነሱ የተነሳ ነው። ወፍጮውን የሚያዞረው 10 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ነው። ሞተሩ ላይ በፑሊው በኩል 6308 አለ፤ ከኋላ፣ በማራገቢያው በኩል ደግሞ 6208። ከሞተሩ ውጭ የወፍጮውን ዘንግ የተሸከመው በብረት ቤቱ ውስጥ ያለው ዩሲፒ 208 ነው። ሰኞ ስለ ፑሊው በኩል ተጻፈ፣ ማክሰኞ መካኒኩ ሞተሩን ከፍቶ የኋላውን ፎቶ አነሳ፣ ረቡዕ የዘንጉ ዋጋ ተጠየቀ። ሐሙስ «አርባውን ላክልኝ» መጣ።

ሦስቱም አርባ ናቸው። በእነዚህ ኩሽኔታዎች ቁጥር ላይ የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች በ5 ሲባዙ የመሀል ቀዳዳውን ስፋት በሚሊሜትር ይሰጣሉ፤ 08 ሲባዛ 40 ነው። ስለዚህ 6308ም፣ 6208ም፣ ዩሲፒ 208ም 40 ሚሊ ውፍረት ባለው ዘንግ ላይ ነው የሚገቡት። ልዩነታቸው ከውጭ ነው። 6308 የውጭ ስፋቱ 90 ሚሊ፣ ውፍረቱ 23 ነው። 6208 ደግሞ 80 በ18 ነው። በቁጥሩ መሀል ያለው 3 ወይም 2 የሚናገረው ይህንኑ ነው፤ ባለ 3ቱ በተመሳሳይ ዘንግ ላይ ወፍራምና የበለጠ ጭነት የሚችል ነው። «አርባውን» ያሉት ሰው ትክክል ተናግረዋል፣ ግን ሦስቱ የሚጋሩትን ነገር ነው የጠቀሱት። የጋራውን መጥቀስ ደግሞ ምንም አይለይም።

«ትልቁን» ቢሉስ? ያ የባሰ ነው። ከነቤቱ በእጅ ሲያዝ ትልቁና ከባዱ ዩሲፒ 208 ነው። ከቤቱ ወጥቶ ሲለካ ግን የውስጡ ኩሽኔታ 80 ሚሊ ብቻ ነው፣ ስለዚህ 90 ሚሊው 6308 ይበልጠዋል። ሱቁ ውስጥ ቆሞ መደርደሪያውን የሚያየው ሻጭና ወለንጪቲ ላይ ወፍጮው አጠገብ የቆመው ሰው «ትልቁ» ሲባል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ነው የሚያዩት፤ ሁለቱም እርግጠኛ ስለሆኑ ደግሞ አንዳቸውም አይጠይቁም።

በግምት የሚልኩ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚመርጡት መጨረሻ የተነሳውን ነው። እዚህ ላይ ያ የዘንጉ ዩሲፒ ነው፤ ረቡዕ ስለሱ ነበር ወሬው። ሌላው ግምት የሙያ ግምት ነው። የሞተር ኩሽኔታ ሲበላ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚበላው በፑሊው በኩል ያለው ነው፣ ምክንያቱም የቺንጋው ጉተታ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው፤ ስለዚህ 6308 መሆን አለበት ይባላል። ሁለቱም ግምቶች ምክንያት አላቸው። የሚሰጡት መልስ ግን የተለያየ ነው፣ ለእኔ ይህ ራሱ ለመጠየቅ በቂ ምልክት ነው። ሁለት ጥሩ ምክንያቶች ወደ ሁለት ዕቃ ከመሩ ሰውየውን ከመጠየቅ ውጭ መንገድ የለም።

ስህተቱ ምን እንደሚያስከፍል ማወቅ ደግሞ ጥያቄው የሚገባ መሆን አለመሆኑን ይለያል። 6308 ተፈልጎ 6208 ቢላክ ዘንጉ ላይ ያለ ችግር ይገባል። መካኒኩም ልክ ነው ብሎ ዘንጉ ላይ መትቶ ያስገባዋል። የሞተሩን ክዳን ሊገጥም ሲል ነው ቤቱ 90 ሚሊ ሆኖ ኩሽኔታው 80 ሚሊ መሆኑ የሚታየው። ከዚያ መልሶ ማውጣት አለበት። ዘንጉን አጥብቆ የያዘው የውስጡ ቀለበት ነው፤ ማውጫው ግን ብዙ ጊዜ የሚይዘው የውጩን ነው፣ ስለዚህ የመጎተቱ ኃይል በኳሶቹ በኩል ያልፋል። ኳሶቹ የሚሮጡበት መንገድ ላይ ትናንሽ ስርጉዶች ይቀራሉ። ዕቃው አዲስ ይመስላል፣ ግን ሲገጠም ይጮሃል። ሱቁ መልሶ አይቀበለውም፣ ልክም ነው። አንድ ሰከንድ የሚፈጅ ጥያቄ ባለመጠየቁ የጠፋው እንግዲህ አንድ ኩሽኔታ፣ የመኪና መላኪያና የወፍጮ ቤቱ የአንድ ቀን ሥራ ነው።

በተቃራኒው መጠየቅ የማያስፈልግበት ጊዜም አለ፤ ይህን የማይለይ ሻጭ ደንበኛን ያሰለቻል። የአንዳንድ ሞተሮች የፊትና የኋላ ኩሽኔታ አንድ ዓይነት ነው፤ ሁለቱም 6308 የሆኑ አሉ። ንግግሩ ስለ እንዲህ ያለ ሞተር ብቻ ከነበረ «የፊቱን ነው የኋላውን?» ብሎ መጠየቅ ትርፉ ጊዜ ማጥፋት ነው፤ መልሱ የትኛውም ቢሆን ከመደርደሪያው የሚወርደው ያው ዕቃ ነው። የኔ መለኪያ ይህ ነው፦ መልሱ እጄ የሚያነሳውን ዕቃ ካልቀየረው ጥያቄው አይላክም። ከሦስቱ አንዱ ትናንት ተልኮ ከሆነ፣ ወይም ደንበኛው ራሳቸው «የዘንጉ ይቆይ» ብለው ከሆነ፣ እሱም ከቁጥር ይወጣል። ከመጠየቅ በፊት ወደ ላይ ወጥቶ ማንበብ ግዴታ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ሦስት የመሰለው ሁለት፣ ሁለት የመሰለውም አንድ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

አሁን ጥያቄው። በጣም የተለመደው «የቱን?» ነው። አጭር ነው፣ ግን ደንበኛው ምርጫ መኖሩን እንኳ ላያስታውሱ ይችላሉ፤ ስለዚህ «ያልኩህን ነዋ!» ይላሉ፣ ትንሽም ይቆጣሉ። ሁለተኛው የተለመደ «የፑሊውን ነው አይደል?» ነው። ይሄኛው ከመጀመሪያው የበለጠ አደገኛ ነው። የታዘዘ ሰው አክብሮ ሲጠይቅ ደንበኛም አክብሮ «አዎ» ወይም «እሺ» ይላል፤ በተለይ ሥራ ላይ ሆኖ በአንድ ዓይኑ የሚያነብ ሰው። «እሺ» ደግሞ «መልእክትህ ደርሶኛል» ለማለትም ይበቃል። አንድ አማራጭ ብቻ አቅርቦ ማረጋገጫ መጠየቅ ሰውየውን ወደ ግምቴ መጎተት ነው።

የሚሠራው ጥያቄ አማራጮቹን ሁሉ በአንድ ላይ ያስቀምጣል፣ እያንዳንዱንም ደንበኛው ባለበት ቦታ ሊያየው በሚችል ነገር ይለያል። እንዲህ፦

«ጋሼ፣ ከሰኞ ጀምሮ ሦስት ኩሽኔታ ተነጋግረናል፤ ሦስቱም አርባ ናቸው። የትኛው ይላክ?
ሀ. ሞተሩ ላይ በፑሊው በኩል ያለው፣ 6308
ለ. ሞተሩ ላይ በማራገቢያው በኩል ያለው፣ 6208
ሐ. የወፍጮው ዘንግ፣ ከነብረት ቤቱ፣ ዩሲፒ 208
ፊደሉን ብቻ ይጻፉልኝ።»

እያንዳንዱ መስመር ሁለት መለያ እንዳለው ልብ በሉ። ቦታው ለደንበኛው ነው፤ ቁጥሩ ለሻጩና ለመካኒኩ። ቁጥሩን ብቻ ብጽፍ ወፍጮ ቤት ያላቸው ሰው ወደ መካኒኩ መደወል አለባቸው። ቦታውን ብቻ ብጽፍ ደግሞ «የፊት» እና «የኋላ» እንደ ቆሙበት ይገለበጣሉ፤ ለአንዳንዱ የሞተር ፊት ፑሊው ያለበት ነው፣ ለሌላው ወደ በሩ የዞረው። ስለዚህ «ፊት» ከማለት «በፑሊው በኩል» ማለት ይሻላል። ፑሊው የትም ቢዞር ፑሊ ነው። «ሦስቱም አርባ ናቸው» የሚለው ሐረግም ያለ ምክንያት አልገባም፤ ደንበኛው የሰጡት መለያ ለምን እንዳልበቃ ያለ ወቀሳ ይነግራቸዋል፣ በመልሱም ላይ «አርባውን ብያለሁ እኮ» ብለው እንዳይደግሙት ያደርጋል።

ፊደል የመረጥኩት ከቁጥር ስለሚሻል ነው። አማራጮቹን 1፣ 2፣ 3 ብዬ ብሰይም «2 ላክልኝ» የሚል መልስ ሊመጣ ይችላል፤ ያ ደግሞ ሁለተኛው ነው ወይስ ሁለት ፍሬ? ኩሽኔታ ብዙ ጊዜ በጥንድ ስለሚገዛ ይህ የምር የሚያጋጥም ነው። ፎቶ በብዛት አንድ ላይ ልኮ «ሁለተኛዋ» ማለትም እንዲሁ ነው። አንድ ላይ የተላኩ ፎቶዎች ስልኩ ላይ ጎን ለጎንም ከላይ ወደ ታችም ተደርድረው ስለሚታዩ አንዱ ከግራ፣ ሌላው ከላይ ይቆጥራል። ፎቶ ማንሳት ካስፈለገ ትንሽ ወረቀት ላይ ፊደሉን ጽፎ ከዕቃው አጠገብ አስቀምጦ ማንሳት ነው፤ ፊደሉ ከፎቶው ጋር አብሮ ይሄዳል።

ከሦስት በላይ አማራጭ ሲኖር ግን ሁሉንም መደርደር አያዋጣም። ያኔ በመጀመሪያ ትልቁን ክፍፍል መጠየቅ ይሻላል፤ ለምሳሌ «የሞተሩ ነው ወይስ የወፍጮው?» ብሎ። ከዚያ የቀሩትን መለየት ቀላል ነው። በዚሁ ጥያቄ ላይ «ጎማ ሽፋን ያለው ነው ወይስ ብረት ሽፋን? ከነቤቱ ነው ወይስ ያለ ቤቱ?» የሚሉትን መደረብ ስህተት ነው። እነሱ የሚገቡ ጥያቄዎች ናቸው፣ በተለይ ዱቄት በሚበዛበት ወፍጮ ቤት ግራሶውን ከአቧራ የሚጠብቀው ሽፋን ለውጥ ያመጣል፤ ግን የሚነሱት የትኛው ኩሽኔታ መሆኑ ከታወቀ በኋላ ነው። ሦስት ጥያቄ በአንድ መልእክት ሲላክ ብዙ ጊዜ የሚመለሰው መጨረሻ ላይ የተጻፈው ብቻ ነው።

መሐመድን እስካሁን ያላነሳሁትም ለዚሁ ነው። ሰኞ የተነሳው መሐመድ የወለንጪቲ ሚኒባስ ረዳት ነው። ማክሰኞ ፎቶውን ያነሳው መካኒክም መሐመድ ነው፤ ሐሙስ ለሌላ ሥራ አዳማ እንደሚመጣ ተነግሯል። ይህን ጥያቄ ከኩሽኔታው ጥያቄ ጋር አንድ ላይ ብልከውና «የመጀመሪያውን» የሚል መልስ ቢመጣ የመጀመሪያው ኩሽኔታ ነው ወይስ የመጀመሪያው መሐመድ አይታወቅም። ስለዚህ መጀመሪያ ዕቃው ይለያል፤ መልሱ ሲመጣ ሰውየው ይጠየቃል። ረዳቱ ወደ መናኸሪያ የሚመለስበት ሰዓት ቀርቦ ከሆነ ግን መጻፉን ትቶ መደወል ነው።

ሰውን ለመለየት የአባት ስም የመጀመሪያው ሐሳብ ነው፤ ብዙም አይሠራም። ወፍጮ ቤት ያላቸው ሰው የረዳቱን የአባት ስም ላያውቁት ይችላሉ፤ ስልካቸውም ላይ የተመዘገበው «መሐመድ ሚኒባስ» ተብሎ ሊሆን ይችላል። በሥራው መጠየቅ ይቀላል፦ «መሐመድ የመኪናው ረዳት ነው ወይስ መካኒኩ?» ሁለቱ በሥራም የሚመሳሰሉ ከሆነ የስልኩን የመጨረሻ ሦስት አሃዝ መጠየቅ ይቻላል፤ ሙሉ ቁጥሩን በመልእክት ማዞር ሳያስፈልግ ይለያል። ዕቃው ተሰጥቶ ገንዘብም በሰውየው እጅ የሚመለስ ከሆነ ግን በጽሑፍ መልስ ብቻ አልረካም፤ ሱቅ የመጣውን ሰው አቁሜ ደንበኛው ጋ እደውልና ድምፁን አሰማቸዋለሁ።

አሁን መልሱ። «ሀ» ተብሎ ከመጣ አለቀ። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ግን ሌላ ነው። «አዎ» ለምርጫ ጥያቄ መልስ አይደለም፤ አውራ ጣት ምልክትም እንዲሁ። «እሱን» የሚለው ከየትኛው መልእክት ጋር ተያይዞ እንደመጣ ማየት ያስፈልጋል፤ ቴሌግራም ላይ አንድን መልእክት ነክቶ መመለስ ስለሚቻል ደንበኛው የሰኞውን የፑሊ ፎቶ ነክተው «እሱን» ካሉ ግልጽ ነው፣ እንዲሁ ከታች የተጻፈ «እሱን» ግን ምንም አልጨመረም። በድምፅ የመጣ ቁጥር ሲሆን ደግሞ «ስልሳ ሦስት ዜሮ ስምንት» እና «ስልሳ ሁለት ዜሮ ስምንት» ወፍጮ እየጮኸ ሲቀዳ ይቀላቀላሉ። እዚህ ላይ የውጭ ስፋቱን መጨመር ነው፦ «ከዳር እስከ ዳር ዘጠና ሚሊ ያለው ነው ወይስ ሰማንያ?» የአንድ ሳንቲሜትር ልዩነት በተራ ማስመሪያም ይታያል። የአሮጌው ቁጥር ተፍቆ 3 እና 2 በማይለዩበት ጊዜም የሚያድነው ይኸው ነው።

አንዳንዴ ከአማራጮቹ ውጭ የሆነ መልስ ይመጣል፤ «38ቱን» የሚል ለምሳሌ። መደርደሪያ ላይ እንዲህ ያለ ኩሽኔታ የለም፣ ግን መልሱን መጣል የለብንም። በዚህ መጠን ሞተር ላይ ፑሊው የሚቀመጥበት የዘንጉ ጫፍ ብዙ ጊዜ 38 ሚሊ ነው፤ ከውስጥ ኩሽኔታው የሚቀመጥበት 40። ስለዚህ ሰውየው ኩሽኔታውን ሳይሆን የዘንጉን ጫፍ ለክተዋል። ወሬው ስለ ሞተሩ መሆኑንና የወፍጮው ዘንግ ከምርጫው መውጣቱን ያሳያል፤ ከሞተሩ ሁለት ኩሽኔታዎች የትኛው እንደሆነ ግን አሁንም አይናገርም፣ የፑሊውን ጫፍ መለካት ሞተሩ ሳይከፈት የሚቻለው ልኬት እሱ ብቻ ስለሆነ።

መልስ ያልሆነ መልስ ሲመጣ ያንኑ ጥያቄ ደግሞ መላክ አይጠቅምም። መንገዱን መቀየር ነው፤ ልልከው ያሰብኩትን ዕቃ ቁጥሩ እንዲታይ አድርጌ ፎቶ አነሳና «ይሄ በፑሊው በኩል የሚገባው ነው። እሱ ነው ወይስ ሌላው?» እላለሁ። አንዳንዶች «እስከ 9 ሰዓት ካልመለሱልኝ ይሄን እጭነዋለሁ» ይጨምራሉ። ቺንጋ ወይም ቡሎን ከሆነ ይሁን፤ ሳይገጠም ተለክቶ ይመለሳል። ለኩሽኔታ ግን አልስማማም፤ ስህተቱ የሚታየው ተመትቶ ከገባ በኋላ ነውና።

በመጨረሻ የሚቀረው ደንበኛው ራሳቸው የትኛው እንደተበላ የማያውቁበት ጊዜ ነው። «አርባውን» ያሉት መካኒኩ ስለነገራቸው ነው፣ መካኒኩ ስልክ አያነሳም። እዚህ ጋ አማራጭ መደርደር አይሠራም፤ መልሱ እሳቸው ጋ የለም። ጥያቄው ወደ ማሽኑ ይዞራል፦ «ጋሼ፣ ቺንጋውን አውልቀው ሞተሩን ብቻውን ያስነሱት። ይጮሃል?» ብቻውንም ከጮኸ ከሞተሩ ሁለት አንዱ ነው። ጩኸቱ ከቺንጋው ጋር አብሮ ከጠፋ የወፍጮውን ዘንግ መጠርጠር ይቻላል፤ ኃይል አጥፍቶ፣ ቺንጋው እንደወለቀ ዘንጉን በእጅ ሲያዞሩት ሻካራነቱ ይሰማል። ነገር ግን ቺንጋው ሲወልቅ ጭነቱ ስለሚቀንስ ገና መበላት የጀመረ የፑሊ በኩል ኩሽኔታም ዝም ሊል ይችላል፤ ስለዚህ ሞተሩ ዝም ካለ እና ዘንጉም በእጅ ሲዞር ለስላሳ ከሆነ ምንም አልተለየም። ሞተሩ ብቻውን ከጮኸም ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ በስልክ አይታወቅም። ያኔ የማዘዘው ሞተሩ እንዲከፈትና አሮጌዎቹ ቁጥራቸው በሚነበብበት ጎን ፎቶ እንዲነሱ ነው፤ ቁጥሩ ተፍቆ ከሆነም በረዳቱ መሐመድ እጅ ወደ አዳማ እንዲላኩልኝ።